ደሙ ሲመለስ ወጣትነት አይመለስም

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈር የሴቶች ማኅበር ስለ ማረጥ እንዳስረዳ ጋብዞኝ ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ዞሮ ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ በጥያቄ ጀመርኩ። «የወር አበባ ሲቋረጥ ደሙ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?»

«ሆድ ውስጥ ይጠራቀማላ!» አሉ አንዲት እናት ሳያመነቱ። «ሰውነታችንን የሚያሳብጠን፣ ራሳችንን የሚያመን እሱ አይደል?» ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሚጠራቀም ደም ግን የለም። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው፤ በኋላ አዲስ አይጨመርላትም። እንቁላሎቹ እስካሉ ድረስ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በየወሩ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሽፋኑ ተቀርፎ ከደም ጋር ይወጣል፤ የወር አበባ የምንለው ይህንን ነው። እንቁላሎቹ ሲያልቁ ኢስትሮጅንም ይቀንሳል፤ ሽፋኑ አይወፍርም፤ ስለዚህ የሚወጣም የሚቀርም ነገር አይኖርም።

«ታዲያ ማረጤን በምን አውቃለሁ?» አለች አንዲት ወጣት የምትመስል ሴት። ብዙ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ከታየ ድፍን 12 ወር ሲሞላ ሴትየዋ አርጣለች ይባላል። ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት የሽግግር ጊዜ ናቸው። ደሙ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ድንገት ከደረት ተነስቶ ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀትና የሌሊት ላብ ይኖራል። ሙቀቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ በቴርሞሜትር ሲለካም ትኩሳት የለም። ይህን ታይፎይድ ነው ብላችሁ ያለ ምርመራ መድኃኒት አትውሰዱ። በዚህ ጊዜ ማርገዝም ስለሚቻል የወሊድ መከላከያ በራሳችሁ አታቁሙ አልኳቸው።

ስብሰባው አልቆ ቦርሳዬን ሳነሳ አንዲት እናት ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ዶክተር፣ እኔ ከቆመብኝ አራት ዓመት አልፎኛል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ጎረቤቶቼ ‹ወጣትነትሽ ተመለሰ› ብለው ሳቁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

የዚያን ቀን ከሰማኋቸው የተሳሳቱ እምነቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ሽፋኑን የሚያወፍረው ሆርሞን ከቀነሰ በኋላ የሚታይ ደም የወር አበባ አይደለም። ብዙውን ጊዜ መነሻው ቀላል ነው፤ ብልት ወይም የማህፀን ሽፋን ሲሳሳና ሲደርቅ በትንሹ ይደማል። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እባጭም ሊሆን ይችላል። ከአሥር ሴቶች በአንዷ ገደማ ግን ምክንያቱ የማህፀን ካንሰር ሆኖ ይገኛል። የማህፀን በር ካንሰርም እንዲሁ ሊያደማ ይችላል። የደሙ ማነስ ወይም ሕመም አለመኖሩ ደግሞ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዲት ጠብታም ታስመረምራለች።

«እማማ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይምጡ» አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ። መጀመሪያ የማህፀን በራቸውን አየሁ፤ ጤነኛ ነበር። ቀጥሎ በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የማህፀናቸውን ሽፋን ለካን። ካረጠች በኋላ በምትደማ ሴት ሽፋኑ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ያም ሆኖ መድማቱ ከቀጠለ ምርመራው ይደገማል። የእርሳቸው 11 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ በቀጭን ቱቦ ከሽፋኑ ናሙና ወስደን ወደ ፓቶሎጂ ላክን። ናሙና ሲወሰድ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም አለው፤ ግን ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው።

ውጤቱ ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ቢተው ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል የሕዋሳት ለውጥ መኖሩን አሳየ። ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ በወጣው ማህፀን ላይ በተደረገው ምርመራም ካንሰር አልተገኘም።

ታሪካቸውን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው። አሁን በማኅበሩ ቡና ላይ አንዷ «ተመለሰልኝ» ካለች ቀድመው የሚጠይቁት እርሳቸው ሆነዋል፤ «ከቆመ ዓመት አልፎታል? እንግዲያው ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»