«የተመረጡትን ብቻ እንጠራለን»

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት የፋብሪካና የመጋዘን በሮች ላይ የሚለጠፍ የሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በአንዲት መስመር ያልቃል፦ «የተመረጡ አመልካቾችን ብቻ በስልክ እናሳውቃለን።» ጋዜጣ ላይም ያው ናት፣ ቴሌግራም ላይም ያው። ስትነበብ ትሁት ትመስላለች። ሥራዋ ግን ላልተመረጠው ሰው አንዲት ቃል የመናገር ዕዳን አስቀድሞ መሰረዝ ነው።

ቀጣሪው ዝም ሲል ዝምታውን ሌላ ነገር ይሞላዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው «ዘመድ የለህማ!» የሚለው የሰፈር ፍርድ ነው። ይህ ፍርድ ሐሰት አይደለም፤ በዝምድናና በትውውቅ የሚያዝ ወንበር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ለሁሉም ውድቀት አንድ መልስ መሆኑ ነው። ማመልከቻው ሳይታይ የቀረውም፣ በጽሑፍ ፈተና የወደቀውም፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የተሸነፈውም እኩል «ዘመድ የለኝም» ካለ፣ በእርግጥ በዘመድ የተበደለው የቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል? በጅምላ የሚከስ ሰው የሚጠቅመው በእርግጥ ያዳላውን ቀጣሪ ነው።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ ልምዷ ዜሮ ዓመት የሆነ አንዲት ወጣት በስምንት ወር 24 ቦታ አመለከተች እንበል። ሁሉም ቦታ ቀረች። ከእናቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሁሉ «ዕድል ነው» ይሏታል። እሷ ግን ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ቀኑን፣ የተጠየቀውን መስፈርትና የቀረችበትን ደረጃ በደብተር ጽፋለች።

ደብተሩ ሲገለጥ 15ቱ ጨርሶ አልጠሯትም። ከ15ቱ አሥሩ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚሉ ነበሩ፤ ሁለቱ የፒችትሪ ሰርተፍኬት ጠይቀዋል፣ እሷ የላትም። ምክንያቱ ከውጭ የማይታየው ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ 12ቱ ላይ የወጣው የፎቶኮፒና የታክሲ ገንዘብ የተከፈለው አስቀድሞ ለተዘጋ በር ነው። እዚህ ላይ ማንም አላዳላባትም፤ ማስታወቂያውን አልፋ ሄዳለች።

ዘጠኙ ለጽሑፍ ፈተና ጠርተዋታል። በአምስቱ ወደቀች። ከየፈተናው በኋላ ማታ ያስታወሰቻቸውን ጥያቄዎች ጽፋ ስለነበር፣ በአራቱ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ባዶ መተዋን አየች፦ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና የወር የቫት መግለጫ አሞላል። ዩኒቨርሲቲ ትርጉሙን አስተምሯታል፤ ቅጹን ግን በእጇ ሞልታ አታውቅም። ይህ ጉድለት በአንድ ሂሳብ ሠራተኛ አጠገብ ሁለት ሳምንት በመቀመጥ የሚሞላ ነው። «ዕድል ነው» ብላ ብትተወው ግን ዓመትም አይበቃውም።

ቀሪዎቹ አራት ቃለ መጠይቅ ናቸው። በሦስቱ «የት ነው የምትኖሪው?» ተብላለች። «ቱሉ ዲምቱ» ስትል ጠያቂዎቹ ይተያያሉ፤ መሥሪያ ቤቶቹ ቦሌና ካዛንቺስ ናቸው። ጥያቄው ስለ ሰፈሯ ሳይሆን ስለ ጠዋት ሰዓቷ ነበር። ቃሊቲ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በቀላል ባቡር እንደምትመጣና ስንት ሰዓት ላይ በር ላይ እንደምትገኝ ሳትጠየቅ ብትናገር ጥርጣሬው መልስ ያገኝ ነበር። ሠፈር ተቆጥሮ ሰው መጣሉ ፍትሕ ነው ወይ? አይደለም። ፍትሕ አለመሆኑ ግን መልስ ላለመያዝ ምክንያት አይሆንም።

አራተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ከ60፣ ቃለ መጠይቁ ከ40 ነበር። በሰሌዳ በተለጠፈው የጽሑፍ ውጤት እሷ 51፣ በኋላ የተመረጠው ሰው 43 አምጥተዋል። ለማለፍ በቃለ መጠይቁ ከስምንት ነጥብ በላይ ሊበልጣት ይገባል ማለት ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጠየቅ ያለበት ልዩነት ነው። ጥርጣሬዋን ከ24 ቦታ በዚህ አንድ ላይ ብታውለው ክብደት ይኖረዋል።

መጠየቂያ መንገዱም አለ። አዋጅ 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የሌላው ተወዳዳሪ ዝርዝር የግል መረጃ ተብሎ ሊከለከል ይችላል፤ የራሷን የቃለ መጠይቅ ነጥብ ግን በጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ አስቀምጣ፣ ቅጂውን አስቀርታ መጠየቅ ትችላለች። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ይስጣት። በቃል የተጠየቀ ነገር አልተጠየቀም።

የግል ድርጅት ላይ ይህ ጉልበት የለም፤ ያለው ትሕትና ብቻ ነው። ትሕትና ማለት ግን መለማመጥ አይደለም። ደውሎ «ለምን አልመረጣችሁኝም?» ማለት የሰው ሀብት ሠራተኛውን ተከሳሽ ያደርገዋል፤ ተከሳሽ ደግሞ «የተሻለ ሰው አግኝተን ነው» ብሎ ይዘጋል። ውጤቱ በታወቀ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ጠያቂ ለነበረው ሰው እንዲህ ቢላክ ይሻላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ ለጁኒየር አካውንታንት መደብ ቃለ መጠይቅ ካደረጉላቸው አመልካቾች አንዷ ነኝ። ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው መመረጡን ሰምቻለሁ፤ ውሳኔውን ለመከራከርም አይደለም የምጽፈው። ለሚቀጥለው እንድዘጋጅ፣ ከሒሳብ ዕውቀቴና ከመልስ አሰጣጤ ደከም ብሎ ያገኙት የቱን እንደሆነ በአንድ መስመር ቢነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።»

ልብ በሉ፣ መልእክቱ ሁለት አማራጭ ሰጥቶ ነው የጠየቀው። «አስተያየት ስጡኝ» የተባለ ሰው ምን እንደሚል ስለማያውቅ ዝም ይላል፤ «ከሁለቱ የቱ?» የተባለ ግን «ሒሳቡ ላይ» ብሎ ለመመለስ አሥር ሰከንድ ይበቃዋል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ ማስታወስ፣ ከዚያ ማቆም ነው። ሦስተኛው መልእክት ጨቅጫቃ ያሰኛል፤ ያ ድርጅት ደግሞ ነገም ማስታወቂያ ያወጣል።

የሚመጣውም መልስ ሁሉ እውነት አይደለም። «ልምድ ያለው አገኘን» ካሉ ማስታወቂያውን መልሶ ማየት ነው፤ «ዜሮ ዓመት» ብሎ ከነበረ የዚያ ቤት ዜሮ ዜሮ አለመሆኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። አንድ ሰው «ድምፅሽ ዝቅ ይላል» ቢላት የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶች አንድ ነገር ካሉ ግን ወደዚያ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጣሪዎች «በመቶ የሚቆጠር ሰው ያመለክታል፣ ለማን ለማን እንመልስ?» ይላሉ። ለመቶዎቹ ይሁን፣ ይታለፍ። ለቃለ መጠይቅ የሚቀርቡት ግን አምስት ወይም ስድስት ናቸው። የሥራ ቀናቸውን ትተው፣ ሸሚዝ ተበድረው፣ በር ላይ በዘበኛ ተፈትሸው የገቡ ሰዎች። የእያንዳንዳቸው ነጥብ በዓምድ ተከፋፍሎ፣ በሦስት ጠያቂ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የሚጠየቁት ምክንያት እንዲፈጥሩ አይደለም፤ ራሳቸው የጻፉትን እንዲያነቡ ነው። ማንበቡ የሚያሳፍራቸው ከሆነ፣ የሚያሳፍረው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው ወይስ የሌለው?