ማለፊያ ስለሌለው ማስጠንቀቂያ

የዚህ ዓምድ የቆዩ ወዳጅ የሆኑ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሹም በዚህ ሳምንት የላኩልኝ ደብዳቤ ቁጣ የሞላበት ነው። የባንካቸውን ገጽ ሊከፍቱ ሲሉ ብራውዘሩ የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ አስቆማቸው፤ ማስጠንቀቂያውንስ ለምደውታል፤ ያስቆጣቸው ግን በሌላ ጊዜ ዝርዝሩን ከፍተው ከግርጌ የሚያገኙት «ቀጥል» የሚል ማለፊያ በዚህኛው ገጽ ላይ ፈጽሞ አለመኖሩ ነው። «ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አደጋውን ዐውቆ ልለፍ ቢል ከልካዩ ማን ነው?» ይሉኛል። ሳያነቡ «እስማማለሁ» ስለ ማለት በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደ ተከራከርን እርሳቸውም አንባቢም ያውቃሉና፣ ወገኔ ከየትኛው እንደ ሆነ ገና ሳልጽፍ ሳይገምቱት አልቀሩም።

ከልካዩ ብራውዘሩ ሳይሆን ባንካቸው ራሱ ነው። ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ለማስረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ልመለስ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክ በሚል ስም የሚታወቀው የደኅንነት ተመራማሪ sslstrip የተባለ መሣሪያውን በብላክ ሃት ጉባኤ ላይ ገልጦ አሳየ። ሰው የገጽ አድራሻ ሲጽፍ https የሚለውን መቅድም ስለማይጨምር የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመሰጠር በግልጥ ይወጣ ነበርና፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ክፉ ሰው ያንን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ከባንኩ ጋር እርሱ ራሱ በምስጢር እየተነጋገረ፣ ለደንበኛው ግን ያልተመሰጠረውን ገጽ እያቀበለ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይታይ ፓስወርዱን ይወስድ ዘንድ እንደሚቻለው በዐደባባይ ተረጋገጠ። ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው ሐሳብ ከአንድ ዓመት በፊት በኮሊን ጃክሰንና በአዳም ባርዝ ጥናት ተጀምሮ ነበርና፣ ሁለቱ ከጄፍ ሆጅስ ጋር ሆነው በኅዳር ወር 2012 አርኤፍሲ 6797 ተብሎ በወጣው ሰነድ ደንብ አድርገው ደነገጉት። ገጹ ከሚልከው መልስ ጋር ይህችን አንዲት መስመር ያክላል፦

```
Strict-Transport-Security: max-age=31536000; includeSubDomains
```

ትርጓሜዋም እንዲህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ለ31,536,000 ሰከንድ፣ ይኸውም ለ365 ቀን፣ ወደ እኔም ሆነ በስሜ ሥር ወዳሉት ገጾች ሁሉ ያለ ምስጢር መንገድ አትምጣ። ብራውዘሩም ቃሉን መዝግቦ ይይዝና፣ ተጠቃሚው መቅድሙን ሳይጽፍ ቢቀር እንኳ ጥያቄው ከመሣሪያው ከመውጣቱ አስቀድሞ አድራሻውን ራሱ ያርመዋል።

ይህ የትእዛዙ ግማሽ ነው፤ ወዳጄን ያስቆጣው ሁለተኛው ግማሽ ነው። የምስጢሩ መንገድ ግዴታ ከሆነ በኋላ ለዚያ ክፉ ሰው የሚቀረው ብልሃት ሐሰተኛ ሰርተፊኬት አቅርቦ ተጠቃሚው «ቀጥል» እስኪል ድረስ መታገሥ ብቻ ነውና፣ ማለፊያው ባለበት ቢቀር ኖሮ የመጀመሪያው ግማሽ ድካም ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ደንብ አውጪዎቹም ይህን ዐውቀው፣ መስመሯን የሚልክ ገጽ ሁሉ በሰርተፊኬቱ ላይ አንዳች ስሕተት በተገኘ ጊዜ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ፣ ለተጠቃሚውም ምንም መውጫ እንዳይተውለት አስቀድሞ የተስማማ ሆኖ እንዲቈጠር ወሰኑ። ብራውዘሩ የባንኩን ቃል ጠበቀ እንጂ ከራሱ አመንጭቶ ማንንም አልከለከለም።

«አደጋውን ዐውቄ» ለሚለው ቃል ግን እምነት የለኝም። በ2013 አክሃዌና ፌልት የተባሉ ተመራማሪዎች የብራውዘሮችን መዝገብ መርምረው ባወጡት ጥናት፣ በዚያን ጊዜው ክሮም ላይ የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ከታያቸው ጊዜያት ውስጥ ሰዎቹ ከመቶ ሰባ በሚሆነው አልፈውት ሄደዋል፤ በፋየርፎክስ ላይ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል። ያ ሁሉ ሰው ሰርተፊኬቱን መርምሮ፣ ፈራሚውን ለይቶ፣ ስሙን ከአድራሻው ጋር አስተያይቶ አለፈ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ደብዳቤውን በደስታ እቀበላለሁ፤ መልስ ግን አይጠብቅ።

የዚህን ደንብ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የገለጠው በአሜሪካ የሆነው ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ጀምሮ ለ35 ቀናት የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ በከፊል በተዘጋ ጊዜ፣ ሰርተፊኬት የሚያሳድሱት ሠራተኞች ከቤታቸው ስለዋሉ፣ ኔትክራፍት የተባለው ድርጅት እንደ ዘገበው ከሰማንያ በላይ የመንግሥት ሰርተፊኬቶች ዘመናቸው አልፎ ሳይታደሱ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ የናሳ rockettest.nasa.gov ሲሆን፣ ጎብኚው ማስጠንቀቂያውን ተራምዶ መግባት ይችል ነበር። ሌላው ግን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ows2.usdoj.gov ነበር፤ usdoj.gov ከነልጆቹ ሁሉ ብራውዘሮች ሲሠሩ ጀምሮ ከውስጣቸው ተጽፎ በሚገኘው መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ፣ ማንም ሰው ከዚህ ቀደም ያንን ገጽ ጐብኝቶት ባያውቅ እንኳ ማለፊያ አላገኘም። (ይህ መዝገብ ባይኖር መስመሯ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት ልትጠብቀን አትችልም ነበር፤ የደንቡ ድካም ይህ ነው።) ገጹ ተዘጋ፤ የተዘጋ ገጽም ባለቤቱን ስለሚያሳፍር ይታደሳል፤ ማስጠንቀቂያ እያሳየ የሚከፈተው ግን ሕዝቡን ማለፍ እያስተማረ ይሰነብታል።

ክሮምን የሠሩት ሰዎች ለራሳቸው ሙከራ የተውት ኅቡእ ቃል እንዳለ፣ በማስጠንቀቂያው ገጽ ላይ ሲጻፍም ይህንን መከልከል ሳይቀር እንደሚያልፍ የሚያውቁ አንባቢዎች ይኖራሉ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። በየቦታው እየተነገረ ሲዛመት ሠሪዎቹ ራሳቸው ለውጠውት ያውቃሉና፣ እኔ ደግሞ የለውጥ ምክንያት ልሆንባቸው አልሻም።

ይልቅስ ወዳጄ እንደ ሒሳብ ሹምነታቸው ሳያጓድሉ ከስክሪኑ የገለበጡልኝ አንድ ጽሑፍ አለ፦ NET::ERR_CERT_DATE_INVALID። ይህ ማለት ዘመኑ አልሆነም ማለት ነው፤ የባንኩ ሰርተፊኬት ዘመኑ አልፎ ይሆናል፣ ወይም የኮምፒውተሩ ሰዓት ተሳስቷል። አንድ ገጽ ብቻ እንዲህ ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ነው፤ ሁሉም ገጾች በአንድነት እንዲህ ካሉ ግን ሰዓቱን መመልከት ይገባል። በሰፈራችን ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በዚህ ሲቸገር አይቻለሁ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ቀኑ በጠፋ ቁጥር ልጁ በእጁ ያስገባል፤ የሚያስገባውም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእኛው መቁጠሪያ ነው! በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ምንም ነውር የሌለበት ይህ ዓመት ለማሽኑ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነውና፣ በዓለም ያለው ሰርተፊኬት ሁሉ ገና ያልተወለደ መስሎ ይታየዋል። «ታዲያ እዚህ ላይ ማለፊያው ቢኖር ምን ይጎዳ ነበር?» ቢባል፣ የተሳሳተው ሰዓት የሚጥለው እውነተኛውን ብቻ አይደለም፤ ከስምንት ዓመት በፊት ተሰርቆ ዘመኑ ያለፈበትንም ሰርተፊኬት ከመቃብር አስነሥቶ እንደ ሕያው ይቀበለዋል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማስገባት ግን ከዓመቱ ይልቅ ስውር ነው። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑም 3:00 እንዲል ያደረገ ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይህም በአብዛኛው ቀን አይታወቅበትም፤ ምክንያቱም ሰርተፊኬቶቹ ከወጡ ቀናት ወይም ሳምንታት አልፏቸዋል። ሆኖም አንድ ገጽ በዚያው ጠዋት አዲስ ሰርተፊኬት ያወጣ እንደ ሆነ ሰጪው ድርጅት ምናልባት የአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ወደ ኋላ ጽፎለት ይሆናልና፣ ማሽኑ ገና አልጸናም ብሎ ይዘጋዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤ የቤቱ ባለቤትም ኔትዎርኩ ተስተካከለ ይላል።