«ድጋሚ ላክ» ሲባል ያንኑ ኮድ ላኩ

ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል የባንክ አፕ፣ የትራንስፖርት አፕ ወይም የምዝገባ ሲስተም የምትሠሩ ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ልጽፍ ነው። በስልክ ቁጥራችን ስድስት አሃዝ ኮድ ሲላክልን ከሥሩ የምትቀመጠዋን «ድጋሚ ላክ» የምትለዋን ማለቴ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ደንበኛው ያቺን ቁልፍ ሲነካ ሰርቨሩ አዲስ ኮድ መፍጠር የለበትም። የመጀመሪያው ኮድ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ መሄድ ያለበት ያው ኮድ ነው።

ብዙ ሲስተም የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው። ቁልፏ በተነካች ቁጥር አዲስ ኮድ ይፈጥርና የቀድሞውን ይሽራል። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ኔትወርኩ ትንሽ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን በሰከንድ እንቁጠረው።

አንዲት ደንበኛ ገንዘብ ልትልክ ነው እንበል። በዚያ ሰዓት መልእክት ስልኳ ላይ ለመድረስ 45 ሰከንድ ይፈጃል። «ድጋሚ ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ደግሞ በየ30 ሰከንዱ ትከፈታለች። በዜሮ ሰከንድ አንደኛው ኮድ ተላከ። 30ኛው ሰከንድ ላይ ምንም ስላልመጣ ቁልፏን ነካች፤ ሁለተኛው ኮድ ተፈጠረ፣ አንደኛው ተሻረ። 45ኛው ሰከንድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የመጣው አንደኛው ኮድ ነው። በጥንቃቄ አስገባችው፤ «የተሳሳተ ኮድ» ተባለች። 60ኛው ላይ እንደገና ነካች፤ ሁለተኛው ተሻረ። 75ኛው ላይ ሁለተኛው ኮድ ደረሰ፤ እሱም ስህተት ሆነ። 90ኛው ላይ ነካች፣ 105ኛው ላይ ሦስተኛው ኮድ መጣ፣ ስህተት። ሦስት ጊዜ ስለተሳሳተች አካውንቷ ተቆለፈ።

ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። የመጣላትን ኮድ እንደመጣ ነው ያስገባችው። መልእክቱ የሚፈጅበት ጊዜ ቁልፏ ከምትከፈትበት ክፍተት ከበለጠ ደንበኛው ሁልጊዜ አንድ ኮድ ወደኋላ ይቀራል፤ በቶሎ በነካ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ባንኩም አራት መልእክት ከፍሎ ደንበኛውን አላስገባም። ያው ኮድ ቢደገም ኖሮ 45ኛው ሰከንድ ላይ የደረሰው መልእክት ይሠራ ነበር፤ የተከፈለውም ለሁለት መልእክት ብቻ ይሆን ነበር።

ይህ በሽታ በእናንተ ሲስተም ላይ እንዳለ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ስህተት የተባሉት ሙከራዎች ውስጥ ስንቶቹ ወዲያው ከተሻረው ኮድ ጋር እንደሚገጥሙ ቁጠሩ። ኮዱን ሎግ ላይ አትጻፉ፤ «ከቀድሞው ጋር ገጥሟል» የሚል አንድ ምልክት ይበቃል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደንበኞቻችሁ የመጻፍ ችግር የለባቸውም፤ ችግሩ የእናንተ ነው።

«ታዲያ ደህንነቱስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስድስት አሃዝ ማለት 1,000,000 አማራጭ ነው። ለአንድ ኮድ አምስት ሙከራ ብትፈቅዱ፣ የሚገምት ሌባ ዕድሉ ከ200,000 አንድ ነው። ኮዱን ሁለቴ ላክነው አራቴ፣ ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚወስነው የሙከራው ብዛት ነው። እንዲያውም አደጋው ያለው በሌላኛው ወገን ነው። አዲስ ኮድ ሲፈጠር የሙከራ ቆጣሪውም አብሮ ወደ ዜሮ የሚመለስባቸው ሲስተሞች አሉ። እዚያ ሌባው አምስት ሞክሮ «ድጋሚ ላክ»ን ይነካል፣ አምስት ይሞክራል፣ እንደገና ይነካል። በር ዘግቶ መስኮት መክፈት ማለት ይህ ነው። ቆጣሪው መታሰር ያለበት ከአካውንቱ ጋር እንጂ ከኮዱ ጋር አይደለም።

አዲስ ኮድ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ደንበኛው ሌላ ዝውውር ከጀመረ፣ የገንዘቡን መጠን ወይም የተቀባዩን አካውንት ከቀየረ የድሮው ኮድ ወዲያው መሞት አለበት። ኮዱ የሚያገለግለው ለተጠየቀበት ሥራ ብቻ ነው፤ አንዴ ከሠራም አይደገምም።

«እኛ ኮዱን በሃሽ ስለምናስቀምጠው መልሰን ልንልከው አንችልም» የሚሉም አሉ። ለስድስት አሃዝ ተራ ሃሽ ብዙም አያስጥልም፤ ዳታቤዙን ያገኘ ሰው ሚሊዮኑን ቁጥር በሙሉ በአንድ ላፕቶፕ ወዲያው ሃሽ አድርጎ ያመሳስለዋል። ኮዱን ኢንክሪፕት አድርጋችሁ፣ ቁልፉን ከዳታቤዙ ውጭ አስቀምጣችሁ፣ ጊዜው ሲያልፍ አጥፉት።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በዲጂታል ማንነት መመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ኮድ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይላል። እኔ ሙሉውን 10 ደቂቃ ስጡ ባይ ነኝ። አንድና ሁለት ደቂቃ የሚሰጡ አሉ፤ ግን ግምትን የሚከለክለው የሙከራ ገደቡ ስለሆነ በማሳጠራቸው የሚጎዱት መልእክት የዘገየበትን ሰው ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ኮዱ ከተፈጠረበት ቅጽበት ነው፤ በድጋሚ ሲላክ አይራዘምም። ስለዚህ ድጋሚ መላክን በመጀመሪያዎቹ 6 ደቂቃዎች ብቻ ፍቀዱ፤ መጨረሻ ላይ ለተላከውም ቢያንስ 4 ደቂቃ ይተርፈዋል። ከዚያ በኋላ ቁልፏ ትጥፋና «እንደ አዲስ ጀምር» ትተካ።

የመላኪያው ክፍተት እየሰፋ ይሂድ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 120፤ በድምሩ አራት መልእክት፣ የመጨረሻው በሦስት ደቂቃ ተኩል ይሄዳል ማለት ነው። ያቺ 30 ግን ከሰማይ አትውረድ። የራሳችሁን መዝገብ አይታችሁ ከ100 መልእክት 95ቱ በስንት ሰከንድ እንደሚደርሱ ለኩና ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ገደቡም በስልክ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ። ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት ለሰው ነው፤ ሌባ ስክሪን አይጠብቅም። በአይፒ አድራሻ ብቻ መገደብም አያዋጣም፤ በሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች በአንድ አድራሻ ስለሚወጡ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይቀጣል።

ብዙዎች የሚረሱት ሌላ ሰዓት አለ። ስልኩ ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከሌለ መልእክቱ ኦፕሬተሩ ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስልኩ ሲበራ፣ ሦስት ሰዓትም ቢያልፍ፣ ይደርሳል። ኮዱ ግን ያኔ ሞቷል። በ`SMPP` የምትልኩ ከሆነ መልእክቱ ማዕከሉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲቆይ የሚነግር ቦታ አለ። 10 ደቂቃ እንዲህ ይጻፋል፦

```
validity_period = "000000001000000R"
```

በድጋሚ ስትልኩ ደግሞ 10 ሳይሆን የቀረውን ደቂቃ ጻፉ። በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ይህን ያከብራል ብላችሁ አትመኑ፤ ፈትኑት። ስልክ አጥፉ፣ ኮድ ጠይቁ፣ በ15ኛው ደቂቃ አብሩት። መልእክቱ ከመጣ አልተከበረም።

ፍጥነት ላይ የሚበዛው ጥፋት ደግሞ ሰልፍ ነው። ለበዓል ዋዜማ 1,000,000 የመልካም ምኞት መልእክት በሰከንድ 200 እየተላከ ነው እንበል። ሰልፉ የሚያልቀው በ5,000 ሰከንድ፣ ማለትም በ83 ደቂቃ ገደማ ነው። ኮዱ በዚያው ሰልፍ ከኋላ ከቆመ የ10 ደቂቃ ዕድሜው ሳይነቃነቅ ያልቃል። ለኮድ የራሱ ሰልፍ፣ ቢቻል የራሱ መስመር ይኑረው። «ተልኳል» የሚለውንም አትመኑት፤ `submit_sm_resp` መጣ ማለት ማዕከሉ ተቀበለ እንጂ ሰውዬው ስልክ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ሁነኛው መለኪያ ደንበኛው ኮድ ከጠየቀበት እስከገባበት ያለው ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጽሑፉ፣ በተለይ በአማርኛ ስለሚጻፈው። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በየ67 ቁምፊው ይከፈላል፤ ሁለት ሂሳብ ይሆናል፣ አንዱ ክፍል ቢዘገይም ስልኩ ሌላውን ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። በላቲን ለተጻፈ መልእክት መጨረሻ ላይ አንዲት አራት ነጥብ ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ይወርዳል። ይህን የተለመደ ዓይነት ተመልከቱ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ የጠየቁት የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ኮድ 481205 ነው። ይህ ኮድ ለ10 ደቂቃ ብቻ ያገለግላል። እባክዎ ኮዱን ለማንም አያጋሩ። እናመሰግናለን።»

100 ቁምፊ ነው፤ ሁለት መልእክት። «ለ10 ደቂቃ» የሚለውም መልእክቱ ከዘገየ ወይም ከተደገመ ውሸት ይሆናል። «እስከ 8:40» ብንልስ? በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ ስልኩ ላይ ባለው ሰዓት? የቀረውን ጊዜ አፑ ራሱ ይቁጠር። እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው፦

«481205 የ5,000 ብር ማስተላለፊያ ኮድዎ ነው። ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አይንገሩ።»

54 ቁምፊ፣ አንድ መልእክት። ኮዱ ከፊት ስለሆነ መልእክቱን ሳይከፍቱ ይታያል። መጠኑ ስለተጻፈ ደግሞ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ኮዱን ይንገሩኝ» ብሎ የደወለ አጭበርባሪ ሲያወራ፣ ሰውዬው 5,000 ብር ሊወጣበት እንደሆነ ዓይኑ እያየ ነው። የላኪው ስም ከላይ ስለሚታይ «ውድ ደንበኛችን» ቢቀር ማንም አይቀየምም።

ሰኞ ሥራ ስትገቡ ኮዱን የሚፈጥረውን ፋይል ክፈቱና «ድጋሚ ላክ» ምን እንደሚጠራ እዩ። አዲስ ኮድ የሚፈጥር ከሆነ፣ ከተሳሳቱት ሙከራዎች ስንቱ ከተሻረ ኮድ ጋር እንደገጠመ ቆጥራችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃኛል።