«6 ጊጋ በ90 ብር» ሲባል በእውነት ስንት ጊጋ ነው?

የፋሲካ ሰሞን ስልካችን ላይ ከዘመድ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ቀድሞ የሚገባው የዳታ ጥቅል ማስታወቂያ ነው። ቁጥሩ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ» የምትል አጭር መስመር። ብዙዎቻችን ቁጥሩን አይተን እንገዛለን። የምንከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝልን የሚወስነው ግን ያቺ ያልተብራራች መስመር ናት።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌው ለማስረዳት የተሠራ ነው፤ የማንም ኩባንያ ዋጋ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ የሚል መልእክት ደረሳችሁ እንበል፦ «መልካም የትንሣኤ በዓል! 6 ጊጋ በ90 ብር ብቻ! ለ24 ሰዓት። ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ።» ጊጋው 15 ብር ሆነ ማለት ነው። አይ ርካሽ!

ዝርዝሩ ሲከፈት ግን 6 ጊጋው ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። 2 ጊጋው በማንኛውም ሰዓት ለምንም ነገር ይሠራል። 3 ጊጋው የሌሊት ነው። የቀረው 1 ጊጋ ደግሞ ለቴሌግራምና ለዋትስአፕ ብቻ ነው፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪን አይጨምርም።

ከሌሊቱ ድርሻ እንጀምር። መልእክቱ «12:00-6:00 AM» ብሎ ከጻፈው መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 6 ማለት አይደለም፤ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ነው። በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሲመለስ ጾም ይፈታል፣ ከዚያ ይተኛል። ፊልም አውርዶ ለማስቀመጥ ለሚነቃ ሰው 3 ጊጋው ጥሩ ነገር ነው። ለሌላው ግን ሳይነካ የሚያልፍ ቁጥር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። ሌሊቱን የማይጠቀም ሰው በ90 ብር ያገኘው 3 ጊጋ ነው፤ አንዱ ጊጋ 30 ብር ደረሰ ማለት ነው። እዚያው ሜኑ ውስጥ ያለ በዓል የሚሸጥ፣ ሰዓትና መተግበሪያ የማይመርጥ የ24 ሰዓት 3 ጊጋ በ75 ብር ካለ፣ ጊጋው 25 ብር ነው። ለዚህ ሰው «የበዓል ቅናሹ» ከተራው ጥቅል በ15 ብር ይወደዳል፣ ያውም አንዱ ጊጋ ታስሮ። ለሌሊት አውራጁ ግን 6 ጊጋው እውነትም 6 ጊጋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጥቅሉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ሳይሆን፣ ለማን የሚለው ነው።

የቴሌግራምና የዋትስአፑ ድርሻም የራሱ ጣጣ አለው። ጓደኛችሁ ቴሌግራም ላይ የላከላችሁን የዩቲዩብ ሊንክ ስትከፍቱ፣ ገና ቴሌግራም ውስጥ ያላችሁ ቢመስላችሁም ዳታው የሚቆረጠው ከመደበኛው 2 ጊጋ ነው። ጥሪውም እንደዚያው። የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሜጋ ገደማ ሊበላ ይችላል፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ከ300 እስከ 600 ሜጋ ሆነ ማለት ነው። ጥሪው ከየትኛው ድርሻ እንደሚቆረጥ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቀሪ ሂሳባችሁን እዩና ጻፉት፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ *804# ደውሎ ማየት ይችላል። አምስት ደቂቃ በቪዲዮ አውሩ፣ ጥቂት ቆዩና እንደገና እዩት። የቀነሰው መደበኛው ከሆነ፣ ያ 1 ጊጋ ለጥሪ አልተሰጣችሁም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን «ለ24 ሰዓት» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከገዛችሁበት ደቂቃ እንጂ በዓሉ ከሚገባበት ሰዓት አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በ10 ሰዓት የገዛ ሰው እሑድ በ10 ሰዓት ያበቃበታል። በፋሲካ ሰሞን ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት። እሑድ የእኛ 10 ሰዓት ሲሞላ እነሱ ጋ ገና ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እህታችሁ እዚያ ከሆነች፣ ቁርሷን በልታ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል ስትደውል የእናንተ ጥቅል ሞቷል። ገና ያልተነካ ጊጋ ቢኖርም አብሮ ይሄዳል። ይህን ጥቅል እሑድ ረፋድ ላይ ብትገዙት ግን ምሽቱን ሙሉ ይቆያል። ለእናታችሁ በስጦታ የምትገዙም ከሆነ ሰዓቱ የሚጀምረው እሳቸው መልእክቱን ሲያዩ ሳይሆን ጥቅሉ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን ጠዋት ላኩላቸው።

ጥቅሉ ሲያልቅስ? ዳታው ክፍት ከሆነ አጠቃቀሙ ወደ መደበኛው ታሪፍ ይዞርና ከዋናው ሂሳብ ሊቆረጥ ይችላል። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሆኖ መተግበሪያ ያድሳል፣ ቴሌግራም የግሩፑን ቪዲዮ በራሱ ያወርዳል፤ ለበዓል የሞላችሁት ካርድ ሳትደውሉበት ይበላል። «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚለው መልእክት ሲመጣ ዳታውን መዝጋት፣ አዲስ ጥቅል ከገዙ በኋላ መክፈት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የገዢው ጥንቃቄ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህን ሁሉ ምርመራ ለምን ገዢው ይሠራል የሚለው ነው። ጥቅሉን የሠራው ኩባንያ 6ቱን ጊጋ የት የት እንዳስቀመጠ ያውቃል። ለኩባንያዎቹ የሚቀርበው መከራከሪያ የቦታ ጥበት ነው፤ እውነትነትም አለው። አንድ የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ሆኖም ያው ቅናሽ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«የፋሲካ ጥቅል በ90 ብር። በማንኛውም ሰዓት 2 ጊጋ። ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ብቻ 3 ጊጋ። ለቴሌግራምና ለዋትስአፕ ብቻ 1 ጊጋ፤ ጥሪን አይጨምርም። ከገዙበት ደቂቃ ጀምሮ 24 ሰዓት ይሠራል። ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል።»

ይህ በሦስት መልእክት ልክ ይገባል። በቀን ስንት ማስታወቂያ ለሚልክ ድርጅት ሦስት መልእክት ከባድ አይደለም። «6 ጊጋ» የሚለው ትልቁ ቁጥር ከላይ ላይኖር ይችላል፤ ያነበበው ሰው ግን ምን እንደገዛ ያውቃል። ሌሊት የሚያወርደው ደስ ብሎት ይገዛዋል፣ እህቱን የሚጠብቀው ተራውን የ75 ብር ጥቅል እሑድ ረፋድ ይገዛል። ኩባንያው ሁለቱንም ሸጧል፤ ሰኞ ጠዋት «ጊጋዬን በላችሁት» ብሎ የሚደውልለት ደንበኛም ይቀንስለታል።

እንዲህ ተብሎ እስኪጻፍልን ድረስ፣ እሺ የሚለውን ከመጫናችን በፊት ትልቁን ቁጥር እንተወውና «በማንኛውም ሰዓት፣ ለማንኛውም ነገር የሚሠራው ስንት ነው?» ብለን እንፈልግ። ዋጋውን ማካፈል ያለብን መጀመሪያ ለዚያ ቁጥር ነው። መልሱን ሜኑው ውስጥም ዝርዝሩ ውስጥም ካጣነው፣ ተራው ጥቅል ይሻለናል።