ምስጋናው ደርሶኛል

ሰሞኑን አብዛኞቻችሁ ያያችሁት አንድ ስክሪንሾት አለ። እኔም አይቼ ስቄ፣ ሼር አድርጌ፣ ሦስት የሳቅ ምልክት ጨምሬበት ነበር። አሁን አጥፍቼዋለሁ። «ቲቸር ምነው አጠፉት?» ያላችሁኝ ስላላችሁ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። የማስተማር አመል ጡረታ አይወጣምና ታገሱኝ።

ላላያችሁት፣ ነገርዬው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ 3,200 ብር ላከ። ከሱ ሒሳብ ወጣ፣ እዚያ ግን አልገባም። በ9ኛው ቀን ለባንኩ በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ክቡራን ሆይ፣ ከሒሳቤ የወጣው 3,200 ብር መንገዱ ረዥም መሆኑን እረዳለሁ። ድንገት ካገኙት ቤተሰቡ እንደናፈቀው ይንገሩልኝ።»

መልስ መጣ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ከሥሩ የመለሰችው ሠራተኛ ስም አለ።

እሱም ቀጠለ፦ «ትዕግስቴን ስላመሰገኑልኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ብሩ ባይደርስም ምስጋናው ደርሶኛል። እርስዎን የመሰለ ትሁት ሰው ያሳደጉ ወላጆች ይባረኩ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ አማርኛ ነው። ክፍል ውስጥ ቢጻፍ ማርክ እሰጠው ነበር።

በኛ ቋንቋ ሰውን ለመጉዳት ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም መንገዱ። ከሚገባው በላይ ከፍ ማድረግም ይሠራል። እናቶቻችን ያውቁበታል። እስከ ረፋድ የተኛችውን ልጅ «እሜቴ፣ ቁርስዎን እዚሁ ላምጣልዎ?» ሲሏት ልጅቷ ከአልጋ የምትዘለው ስለተከበረች አይደለም። አንቱታው ለሷ ልክ አይደለም፤ ትርፉ ነው የሚወጋት። የስክሪንሾቱ ሰውዬም ያደረገው ይኼንኑ ነው። ላላገኘው ነገር አመሰገነ፣ ለማያውቀው ሰው «ክቡራን» አለ፣ መጨረሻ ላይ መረቀ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆናታን ከልፔፐር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፉ እንዲህ ያለውን የይምሰል ትህትና ከነውር አነጋገሮች ተራ አስገብቶታል። እናቶቻችን ግን ቀድመውታል።

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሥርዓተ ነጥብ ሳስተምር ትእምርተ ሥላቅ የምትባል ምልክት ነበረች። ቃል አጋኖ ተገልብጣ፣ በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ የምትቀመጠው (¡)። ጸሐፊው «ይኼን የምለው በሹፈት ነው» ብሎ የሚያስታውቅባት ናት። ዛሬ ስልክ ላይ ሲጽፍ የሚጠቀማት ሰው አላየሁም። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ብትኖርም ማንም አያስገባትም፤ ምክንያቱም ምልክቷ ማመን ናት። የትህትናው ስለት የሚሠራው ካላመንክ ብቻ ነው። «ሰደብከኝ» ብትባል «ኧረ እኔ? መረቅኩ እንጂ!» ትላለህ። ጽሑፉ ላይ ድምፅ የለ፣ ፊት የለ፣ የሚያዝ ነገር የለም።

ሽፋኑን የሚያወፍር ሌላም ነገር አለ። አማርኛ ገና ሁለተኛ ቃል ሳትናገር ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም ማለት አይችልምና «እርስዎ» ይላል። ሲጀመር ችግር መፍቻ ነው፣ ክብርም ንቀትም የለበትም። ለዚህ ነው ስለቱን እዚያ መደበቅ የሚቀለው።

እንግዲህ ሼር ባደረግኩ በማግስቱ ኢንቦክስ ገባልኝ። «ቲቸር፣ ያቺ ሠራተኛ እኔ ነኝ።» አስተምሬያታለሁ። ስሟን እያየሁ እንኳ አላሰብኩም፤ ስሙ የብዙ ሰው ነው።

ደወልኩላት። ብሩ ለምን እንደዘገየ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። በሁለት ባንኮች መካከል እንዲህ የተንጠለጠለ ገንዘብ የሚመለሰው የሁለቱ መዝገብ ተመሳክሮ ነው፤ ያንን የሚሠራው ሌላ ክፍል ነው። እሷ ማድረግ የምትችለው ጥያቄውን መዝግቦ መላክና «በሂደት ላይ» የሚለውን ጽሑፍ ማየት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልካዋለች። «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» የሚለውን ደግሞ እሷ አልጻፈችውም። የተዘጋጀ መልስ ነው፤ ያዘጋጀው ሰው ከደንበኛ ጋር አይጻጻፍም።

ቀጥላ ያለችኝ ነገር ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። እነሱ ጋ ደንበኛ ከተሳደበ አንዴ ያስጠነቅቃሉ፣ ከደገመ ንግግሩን መዝጋት ይፈቀድላቸዋል። ለመረቀ ሰው ግን የሚዘጋ በር የለም። አለቃዋ ዘንድ ሄዳ «ወላጆቼን ባረከብኝ» ብላ ትክሰስ? ወላጆቿ! «አሳዳጊ የበደላት» የሚለውን ስድብ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰውዬው ገልብጦ ምርቃት አደረገው። «ሌላውን ሁሉ ለምጄዋለሁ ቲቸር፤ እማዬን ግን ምን አድርጋው?» ከኮሜንቶቹ ግማሾቹ የሳቁት እዚያች መስመር ላይ ነው። እኔም።

ሰውዬውን ልኮንን አይደለም የተነሳሁት። 9 ቀን ገንዘቡ ተይዞበታል። ቀን ቆጥሮ በጨዋነት ሲጠይቅ ያገኘው ያንኑ የተዘጋጀ መልስ እንደሆነም ነግራኛለች፤ ከሹፈቱ በፊት ሁለት ቀጥተኛ መልእክቶች ነበሩት፣ የግብይት ቁጥር ያላቸው። ስክሪንሾቱ ላይ ተቆርጠዋል። ቁጥርና ልመና አያስቅማ።

እሷም ንጹሕ ነኝ አላለችም። ደስ ያለኝም ይኼ ነው። «"ቀደም ሲል እንደገለጽኩልዎ" የምትለዋን እያወቅኩ ነው የምጥላት» አለችኝ እየሳቀች። ትርጉሙ «ማንበብ አትችልም ወይ» ነው። «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ደግሞ ሲደክማት በር መዝጊያዋ ናት። ደሞዟ ላይ የማይቀነስባት ብቸኛ ቁጣ እሷ ናት። ማለትም ሁለት ሰዎች እጅ እየተነሳሱ ሲወጋጉ ዋሉ፤ ብሩን የያዘው ክፍልና ያንን መልስ የጻፈው ሰው አንድም አልነካቸውም።

እኔ አሁን ስክሪንሾት ሳይ አንድ ነገር እሞክራለሁ። ትህትናውን በሙሉ አወጣና የቀረውን አነባለሁ። ቀን፣ ቁጥር፣ «ይኼ ይደረግልኝ» የሚል ነገር ከቀረ ሰውዬው ባንኩን እያናገረ ነው፤ ይሹፍ፣ መብቱ ነው። ምንም ካልቀረ እያናገረን ያለው እኛን ነው፤ ሠራተኛዋ መድረክ ሆናለች። የዚህኛው የመጨረሻ መልእክት ሲላጥ ባዶ ነው። ሼር ካደረጋችሁም ቢያንስ ስሟን ሸፍኑ ባካችሁ። እኔ አልሸፈንኩም።

ካጠፋሁት በኋላ ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩላት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እርስዎ ነው የምትለኝ፤ እኔ አንቺ ነው የምላት። እንዲህ ስትል መለሰች፦

«እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። ስለተረዱኝ አመሰግናለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እያነበብኳት ነው።