አርባ አራት ገጽ በሦስት መቶ ቃል

አንባቢ ሆይ፥ እኔ ቀን አስተምሬ ማታ ደግሞ በተራዬ ከተማሪ ወንበር የምቀመጥ ሰው ነኝ። በምማርበት ሴሚናር አንድ የከረረ ደንብ አለ። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ ከጥናት መጽሔት የተወሰደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይሰጠውና ከ300 ቃል ሳያልፍ አሳጥሮ ያቀርባል። መምህራችን ቃሉን ይቈጥሩና 300ኛው ላይ በእርሳስ ያሰምራሉ፤ ከመሥመሩ በታች ያለው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ያቺ ገጽ ተባዝታ ለሁሉ ትታደላለች፤ ዋናውን ለማንበብ ጊዜ ያጣም በእርስዋ ተማምኖ ይከራከራል። ስለዚህ አሳጣሪው ሲሳሳት ብቻውን አይሳሳትም።

ለእኔ የደረሰኝ ሮናልድ ኮዝ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ያወጡት፥ ስለ ማኅበራዊ ወጪ ችግር የሚናገረው ጽሑፍ ነበር። ርዝመቱ 44 ገጽ ነው፤ በ10 ክፍልም ተከፍሏል። ሰውየው በ1991 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ከተመሰገኑባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

እኔም ሞኝነቴ፥ 300ን ለ44 አካፈልሁ። ለአንድ ገጽ ሰባት ቃል እንኳ አልደረሰውም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ያነበብሁትን በቅደም ተከተል እየጨመቅሁ ወረድሁ። አራተኛውን ክፍል ስጨርስ 240 ቃል አልቆብኝ ነበር። ለቀሩት ስድስት ክፍሎች በተረፉኝ 60 ቃላት የጥቂት ችሎቶችን ስም ደርድሬ ዘጋሁት።

አሁን የጽሑፉን መጀመሪያ ልንገርዎ። አንድ ከብት አርቢና አንድ ገበሬ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው አጥር የለም። ከብቶቹ እየገቡ ሰብል ያበላሻሉ። አንድ በሬ ቢኖር በዓመት 1 ቶን ይጠፋል፤ ሁለት ቢሆኑ 3፥ ሦስት ቢሆኑ 6፥ አራት ቢሆኑ 10 ቶን። የአንድ ቶን ሰብል ዋጋ 1 ዶላር ነው እንበል። አርቢው ካሣ ክፈል ከተባለ፥ ሦስተኛውን በሬ ለመጨመር የሚያስወጣውን 3 ዶላር ያስባል። ካሣ አትክፈል ቢባል ደግሞ ገበሬው፥ ሦስተኛውን በሬ ቢተውልኝ እስከ 3 ዶላር እሰጠዋለሁ ይላል። ይህን ገንዘብ መቀበል ማለት በሬውን መተው ስለሆነ፥ በሬውን የሚያቆይ አርቢ ያንኑ 3 ዶላር እንዳጣ ይቈጠራል። እንግዲህ መዋዋሉ ምንም ወጪ ከሌለው፥ ሕጉ ለማንም ይፍረድ ለማን የበሬዎቹ ቍጥር አንድ ይሆናል፤ የሚለየው ገንዘቡን ማን ከፈለ የሚለው ነው።

ይህ ሲያነቡት የሚያስደስት ነገር ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ ደስታው ነው። በገጼ ላይ «ጸሐፊው፥ ሕጉ ለማንም ቢፈርድ ውጤቱ አንድ መሆኑን አስረድተዋል» ብዬ ጻፍሁ። «መዋዋሉ ወጪ ከሌለው» የሚለውን ቃል ለማትረፍ ስል ቈርጬ ጥዬው ነበር። በዚያ ምሽት ጓደኞቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ፥ «እንግዲያስ ሕግና መንግሥት ምን ያደርጋሉ? ሰዎች ራሳቸው ይዋዋሉ» እያሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ መምህራችን ዋናውን ገልጠው ስድስተኛውን ክፍል አነበቡልን። ኮዝ በዚያ ክፍል መግቢያ ላይ፥ እስካሁን የተናገርሁት መዋዋል ወጪ የለውም በሚል ግምት ነበር፤ ይህ ግምት ግን ከእውነተኛው ዓለም የራቀ ነው ይላሉ። ተዋዋዩን መፈለግ፥ መደራደር፥ ውል መጻፍ፥ መከበሩን መጠበቅ፥ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል። ብዙ ጊዜም ወጪው ከጥቅሙ ይበልጥና ውሉ ሳይደረግ ይቀራል። ያን ጊዜ ሕጉ ለማን እንደፈረደ ትልቅ ነገር ይሆናል። ጽሑፉ የተጻፈው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን መግቢያውን እንደ መደምደሚያ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። መምህሩም «ለሚመጣው ሳምንት እንደገና» ብለው ገጼን መለሱልኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ከገጽ አንድ አልጀመርሁም። አስቀድሜ የመጀመሪያውን ክፍል፥ ቀጥሎ የመጨረሻውን አነበብሁ፤ የክርክሩ መነሻና መድረሻ ይታወቁ ብዬ። ከዚያ በመካከል ያሉትን ክፍሎች ስገልጥ «እስካሁን»፥ «ነገር ግን»፥ «ይህ ግምት» የሚሉትን ቃላት በቀይ አሰመርሁባቸው። ጸሐፊ መንገዱን የሚያዞረው በነዚህ ቃላት ነው፤ ቀዩ የበዛበት ስድስተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ 300ውን ቃል ለገጾቹ ሳይሆን ለአምስት ጥያቄዎች አከፋፈልሁ። ጸሐፊው ከማን ጋር ይከራከራሉ? 50 ቃል፤ ጉዳት አድራሹ ግብር ወይም ካሣ ይክፈል ከሚለው ከእንግሊዛዊው ከአርተር ፒጉ ትምህርት ጋር ነው። አዲሱ ሐሳባቸው ምንድን ነው? 50 ቃል፤ ጉዳት የሁለት ወገን ነው፥ ገበሬውን ለማዳን አርቢውን መከልከል አርቢውን መጉዳት ነው ይላሉ። ምሳሌው? 60 ቃል፤ «መዋዋሉ ወጪ ከሌለው» ከሚለው ጋር። መዞሪያው? ከሁሉ የበለጠ፥ 80 ቃል። መደምደሚያው? 60 ቃል፤ ገበያውም፥ ድርጅቱም፥ መንግሥቱም፥ ነገሩን እንዳለ መተውም እያንዳንዱ ወጪ ስላለው፥ የሚሻለውን በየጉዳዩ አመዛዝኑ ይላሉ።

ችሎቶቹን ከአንዱ በቀር ሁሉንም ተውኋቸው። ያስቀረሁት በ1879 በእንግሊዝ አገር የተፈረደውን ነው፤ ጣፋጭ ሠሪው ሲወቅጥ የሙቀጫው ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ሐኪም በሽተኛ እንዳይመረምር አወከው፥ ፍርድ ቤቱም ለሐኪሙ ፈረደ። ጉዳት የሁለት ወገን መሆኑን ይህ አንዱ ብቻውን ያሳያል፤ ሌሎቹ ያንኑ ይደግማሉ።

የመጀመሪያው ረቂቅ 352 ቃል ሆነ። የመቀነሱ ሥራ ከዚህ ላይ ነው አደገኛ የሚሆነው፤ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በትናንሾቹ ቃላት ላይ ነውና። «ቢሆን»፥ «ከሌለው»፥ «ብዙ ጊዜ» የሚሉት ቃላት ቢወጡ ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ያምራል፥ ይነበባልም፤ ትርጉሙ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ በነርሱ ዙሪያ በእርሳስ ክብ አበጀሁና እንዳይነኩ አደረግሁ። የወጡት «ጸሐፊው በዚህ ጥናታቸው ውስጥ እንደሚገልጹት» የመሰሉት ናቸው፤ አምስት ጊዜ ደጋግሜው ስለነበረ እርሱ ብቻ 25 ቃል መለሰልኝ። የቀረውን ከምሳሌው ቍጥሮች ቀነስሁ፤ የሦስተኛውን በሬ 3 ዶላር ብቻ አስቀረሁ።

በመጨረሻ ገጹን በመምህራን ክፍል ለአንድ የሥነ ሕይወት መምህር ሰጠሁት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ ስለ ኮዝ ሰምቶ አያውቅም።

«ጋሼ፥ ይህ ሰው ምን አድርጉ ይለናል?» አልሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበና፥ «ወንድሜ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት የያንዳንዱን መንገድ ወጪ ቍጠሩ ነው የሚለው» አለኝ።

የመጀመሪያውን ገጼንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። «ይኸኛው ደግሞ ተዋዋሉ፥ ሕግ አያስፈልግም ይላል። የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የአንዱ ሰው ነው አልሁት። በሁለቱ ገጾች ላይ የቃሉ ቍጥር እኩል 300 ነበር።