«ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚለው አባባል ያሳስተናል

የእኩል ምልክትን የተሻገረ ቁም (ተርም) ምልክቱን እንደሚለውጥ ያልተማረ የለም። ሆኖም መስመራዊ እኩልታ ሲፈታ ደጋግመን የምናየው ስሕተት ምልክቱ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። በእኔ እምነት ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የአባባሉም ጭምር ነው። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው።

አንድ የጭነት መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወርዳል እንበል። ከደሴ 5 ኪሎ ሜትር እንደራቀ አንድ ሚኒባስ ከዚያው ከደሴ ተነሥቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይከተለዋል። በምን ያህል ጊዜ ይደርስበታል? ጊዜውን በሰዓት t ብንለው እኩልታው የመጀመሪያው መስመር ይሆናል፤ የቀሩት የአንድ ተማሪ ሥራ ናቸው እንበል።

(1) 40t = 5 + 20t
(2) 40t + 20t = 5
(3) 60t = 5
(4) t = 5/60

መልሱ 5 ደቂቃ ሆነ። አሉታዊ ስላልሆነ ላይ ላዩን ሲያዩት አያጠራጥርም። ነገር ግን ሚኒባሱ በ5 ደቂቃ የሚጓዘው 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጭነት መኪናው ቀድሞ ከነበረበት ቦታ እንኳ አልደረሰም።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ሥራውን ሰርዘን እንደገና እንጀምራለን፤ ያንኑ ስሕተትም እንደግማለን። የሚሻለው መልሱን ከታች ወደ ላይ በየመስመሩ መተካት ነው። መስመር 3 ይሟላል። በመስመር 2 ላይ 3.3 እና 1.7 ሲደመሩ 5 ስለሚሆኑ እርሱም ይሟላል። በመስመር 1 ግን ግራው 3.3፣ ቀኙ 6.7 ነው። እንግዲህ ስሕተቱ ያለው በመስመር 1 እና 2 መካከል ነው። ከስሕተቱ በኋላ ያሉት መስመሮች በትክክል ስለተሠሩ የተሳሳተው መልስ ያሟላቸዋል፤ ከስሕተቱ በፊት ያለውን ግን አያሟላም። ስሕተቶቹ ሁለት ከሆኑ ዘዴው የሚያሳየን የኋለኛውን ነው፤ እርሱን አርሞ ፍተሻውን መድገም ያስፈልጋል።

በእውነቱ ማንም ቁም አይሻገርም። የምናደርገው ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ ነው፦

40t − 20t = 5 + 20t − 20t

ስለዚህ 20t = 5፣ t = 1/4 ሰዓት፣ ማለትም 15 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱም ያን ጊዜ ከደሴ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ይህን መስመር የጻፈ ተማሪ ምልክቱን የሚረሳበት ምክንያት የለውም። አባባሉን ብቻ የያዘው ግን 20t = 5 ላይ ሲደርስ 20ንም «አሻግሮ» t = −5/20 ሊል ይችላል።

አንድ ገደብ ግን አለ። እኩልታው ከመነሻው 40t + 5 = 20t ተብሎ ቢጻፍ መተካት አያጋልጠውም፤ ያን ጊዜ መመለስ ያለብን ወደ መንገዱ ታሪክ ነው። መምህራን ሆይ፣ አባባሉን ከማስጠናታችን በፊት ያችን የምትዘለል መስመር እናስጽፍ።